ባዶ ወረቀት ላይ የቀረ ፊርማ

ደብዳቤው አጭር ነበር። «ከግብር ዕዳ ነፃ መሆናችንን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቶች ማሞቂያ ጥገና ጨረታ ኮሚቴ እንዲጻፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን፤ አስፈላጊዎቹ ሰነዶች ተያይዘዋል» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ሱሄር የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነች ወዲህ ይህን ደብዳቤ በየዓመቱ ስትጽፈው ኖራለች፤ ዓይኗን ጨፍና ብትጽፈው አይጠፋትም። የዚያን ሰኞ ግን ለዚህችው ለሁለት መስመር ስትል ከወንበሯ ደጋግማ ተነሣች። አንዴ መስኮቱን ልትዘጋ፣ አንዴ የዘጋችውን ልትከፍት፣ አንዴ ደግሞ እንዲያው መቀመጥ አቅቷት።

ያስነሣት ነገር ከወረቀቱ ግርጌ ነበር። እዚያ የአቡ ራካን ፊርማ አለ፤ በሰማያዊ ቀለም፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ከጎኑም የድርጅቱ ማኅተም። ከላይ ደግሞ የዕለቱ ቀን። አቡ ራካን ግን ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። አቡ ራካን በዮርዳኖሷ ከረክ ከተማ የማሞቂያ ቦይለር ሲያበላሽ እንጂ ሲጠግን ታይቶ የማይታወቅ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ የሚጠራቸው ባለሙያ ነበሩ። ድርጅት አቋቁመው፣ ሠራተኛ ቀጥረው፣ ሥራ አስኪያጅ ከተባሉ በኋላ እንኳ ቢሮ መቀመጥ እንደ እስር ቤት ይቆጠርባቸው ነበር። በድርጅቱ ምዝገባ ላይ መፈረም የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ አንዱ ምድር ቤት ውስጥ ቧንቧ ሥር ተኝተዋል። ስለዚህ መላ ዘየዱ። ወሩ ሲገባ የድርጅቱ አርማ ያለበትን ባዶ ወረቀት ከፊታቸው ይከምሩና፣ ሻያቸውን እየጠጡ፣ ከግርጌው እየፈረሙ ለሱሄር ይሰጧታል። «እንቺ፤ ከላይ የፈለግሽውን ጻፊበት። ብቻ ቤቴን እንዳትሸጪብኝ» ይሏታል፤ ይህን ቀልድ ሳይሰለቻቸው በየወሩ ነው የሚደግሙት። እሷም ወረቀቶቹን የሐላዋ ቆርቆሮ ውስጥ ከታ መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፍባቸዋለች። ደግሞም አንድ ቀን እንኳ ሳትነግራቸው አንድ መስመር ጽፋበት አታውቅም።

ሲሞቱ ቆርቆሮው ባዶ አልነበረም።

በሦስተኛው የለቅሶ ቀን፣ ሴቶቹ በተቀመጡበት ክፍል፣ ባለቤታቸው ኡም ራካን ሱሄርን ወደ ጓዳ ጠሯት። ዓይናቸው አብጧል፤ ድምፃቸው ግን ደረቅ ነው። «ሱሄር፣ እነዚያ የሚፈርማቸው ባዶ ወረቀቶች የት ናቸው?» አሏት። «ስንት ቀን ተው ብዬዋለሁ። ሰው በሟች ስም እንዲጫወት አልፈልግም። ቅደጃቸው።»

«ቀድጃቸዋለሁ» አለች ሱሄር።

ውሸት ነበር። ግን እንደ ውሸት አልተሰማትም፤ በነጋታው ቢሮ ገብታ ልትቀድዳቸው ስለነበር፣ የነገን ሥራ ዛሬ እንደ ማውራት ነው የቆጠረችው። ኡም ራካንም እጇን ያዝ አድርገው «ባንቺማ መቼ እጠራጠራለሁ» አሏት። ሰው በዚህ ዓይነት ነገር ነው የሚያዘው። ትልቁን ውሸት ለመዋሸት ድፍረት ያጣ ሁሉ በትንሹ በር ይገባና ራሱን ከትልቁ ቤት ውስጥ ያገኘዋል።

በነጋታው ቢሮ ስትገባ ራካን የአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጺሙን አባቱ ከሞቱ ወዲህ አልተላጨም፤ ፊቱ ላይ ኀዘንና ድንጋጤ ተደበላልቀዋል። ጠረጴዛው ላይ የጨረታው ሰነድ ተዘርግቷል። ለመጪው ክረምት የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ማሞቂያ ጥገና ነው፤ አቡ ራካን ለሁለት ወር ያህል ዋጋ ሲያሰሉለት የነበረ። ፖስታው የሚዘጋው ሐሙስ ቀትር ላይ ነው። ሁሉም ነገር ተሟልቷል፤ የቀረው ከግብር መሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ክሊራንስ ብቻ ነው።

«ይሄ ካመለጠን ሰዎቹን በምን እከፍላቸዋለሁ?» አለ ራካን። «አቡ ሐምዛን ላሰናብተው? ከአባቴ ጋር ቦይለር ሲሸከም ወገቡ የተሰበረውን ሰውዬ?»

«ሕጉን ታውቀዋለህ» አለች ሱሄር። «የመፈረም ሥልጣን የእሳቸው ብቻ ነበር። አሁን መጀመሪያ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሾች ማረጋገጫ ማውጣት አለብህ። እህትህ ደግሞ ዶሃ ናት፤ ውክልና መላክ አለባት። ከዚያ የድርጅቶች ምዝገባ ሄደን አዲሱን ፈራሚ እናስመዘግባለን። ከዚያ ነው ግብሩ ጋ የምንጠይቀው።»

«ይሄ ሁሉ እስከ ሐሙስ?»

«እስከ ረመዳንም ካለቀ ጎበዝ ነን።»

ራካን የጨረታውን ሰነድ ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ዓይኑ ወደ መሳቢያዋ ሄደ። አባቱ ያንን ቆርቆሮ በልጃቸው ፊት እንደ ቀልድ ስንቴ አንስተውታል። «እትዬ ሱሄር» አለ ዝግ ብሎ፣ «ቆርቆሮው ውስጥ የቀረ የለም?»

የለም ማለት ትችል ነበር። ለእናቱ ያለችውን ለልጁም ብትደግመው ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀበር ነበር፤ እሷም ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ባልራቃት። ግን አንድ ቀን የዋሸ ሰው በማግሥቱ እውነት የሚናገረው በተሳሳተው ቦታ ነው። «አለ» አለችው።

«በቃ እኮ! አባዬ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር? ይፈርም ነበር። ፈርሟል!»

«ቀኑ ግን የዛሬ ነው የሚሆነው፣ ራካን።»

«ቀን ማን ያያል? የምዝገባ ወረቀቱ ላይ አሁንም የሱ ስም ነው ያለው። ፋይላችንን የሚይዘው አቡ ሙዓዝ ለዑምራ መካ ሄዷል፤ በሱ ቦታ የተቀመጠው ከዓማን የመጣ ልጅ ነው አሉ፣ አባቴን አያውቀውም። ኃላፊውም አዲስ ነው። ደግሞ ምን ሰረቅን? ሳንቲም የለብንም። አለብን እንዴ?»

የለባቸውም። እሱ ነበር የሱሄር ኩራት። የደመወዝ ግብሩ በየወሩ ሳይዘገይ ገብቷል፤ የሽያጭ ግብር ማሳወቂያው ተሞልቷል፤ የማኅበራዊ ዋስትናው ተከፍሏል። ሰነዶቹን አንድ በአንድ ስካን አድርጋ ስታያይዛቸው፣ የምዝገባውን ምስክር ወረቀት፣ የፈራሚውን ሥልጣን ማረጋገጫ፣ ማሳወቂያዎቹን፣ ደረሰኞቹን፣ እንዲህ ንጹሕ ፋይል በከተማው ውስጥ እንደሌለ ታውቅ ነበር። ንጹሕ ያልነበረው የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው። «ላክ» የሚለውን ተጫነች።

ማክሰኞ መልስ አልመጣም። ሱሄር ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ሳይጮኽ ሲቀርም ትደነግጣለች። ምሳ ያመጣችውን የምስርና የሩዝ ሙጀደራ ሳትነካው ለአቡ ሐምዛ ሰጠችው። እሱም «የሰውዬው ሞት አንቺን ነው የጎዳሽ» አላት። ለራሷ የሚያዝንላት ሰው ማግኘቷ ይብስ አሳፈራት።

ረቡዕ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ከዓማን የመጣው ልጅ አልነበረም።

«ሱሄር ልጄ! አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ነኝ፣ አቡ ሙዓዝ።»

ሱሄር ወንበሩን ያዘች። «ወዐለይኩሙ ሰላም። እንኳን በሰላም ገቡ። ዑምራዎን አላህ ይቀበልልዎ።»

«አሚን፣ አሚን። ማታ ነው የገባሁት፤ አውቶቡሱ ወገቤን ቀጠቀጠው። ኸረ ተዪው፣ እኔን ተዪኝና ይሄን የኛን ዘበኛ ጉድ ስሚ። ገና በሩ ላይ ስደርስ ‹አቡ ሙዓዝ፣ ወዳጅህ አቡ ራካን ሞተ፣ አልሰማህም?› አይለኝም? ወላሂ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስልኩ ላይ ብደውል ዝግ ነው። አልቅሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና፣ ምን ላድርግ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ያንቺ ኢሜይል! ዝቅ አድርጌ ባይ የሱ ፊርማ፣ ያቺ መንጠቆው፣ የሰኞ ቀን ተጽፎበት! አልሐምዱሊላህ። ወርጄ ያንን ዘበኛ በሰው ፊት ልክ ልኩን ነገርኩት። አምና እኮ በቁሙ ያለ ሰው ቀብሯል ይሄ ሰውዬ፤ የድንች ነጋዴውን። ለቅሶ ልንደርስ ሄደን በሩን ሟች የተባለው ራሱ ነው የከፈተልን።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቁ እንባ ያለበት ሳቅ ነበር፤ የታፈነ ሰው አየር ሲያገኝ እንደሚስቀው ያለ።

«የታል እሱ? ስጪኝ እስቲ ድምፁን ልስማው።»

ራካን ከፊቷ ቆሟል። ስልኩ ጮኽ ብሎ ስለሚሰማ ሁሉንም ሰምቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ግን እንዳትነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እጁንም ወደ ታች አድርጎ እንደ መፍቻ አሽከረከረ። ሱሄርም የታዘዘችውን እንደምትደግም አሻንጉሊት «ሥራ ላይ ናቸው፤ ምድር ቤት ወርደዋል፣ ኔትዎርክ የለውም» አለች።

«ገባኝ፤ ቧንቧ ሥር ነዋ! ሌላ የት ይሆናል? በይ ስሚ፤ ፋይላችሁን አይቼዋለሁ፣ ጥርት ያለ ነው። ደብዳቤውን አሁን አዘጋጅቼ ኃላፊውን አስፈርማለሁ፤ ዋናውን ከቀትር በኋላ መጥተሽ ውሰጂ። ለኡም ራካን ደግሞ ንገሪያት፣ ማታ እመጣለሁ። ለሱ የመዲና ተምርና የዘምዘም ውኃ ይዤለታለሁ። ለሚያመው ጉልበቱ ካዕባው ፊት ቆሜ ዱዓ አድርጌለታለሁ በይው።»

ስልኩ ተዘጋ። «መጀመሪያ ደብዳቤውን እንውሰድ» አለ ራካን። «ከዚያ ማታ ሲመጣ እኔ እነግረዋለሁ። እኛ ገድለነው አይደለም የሞተው፣ አላህ ወስዶት ነው። ይገባዋል።»

«ዘምዘም ይዞ እኮ ነው የሚመጣው፣ ራካን።»

«ምን ላድርግ?»

«ከኀዘን ቤት ደጃፍ ላይ ሊሰማው ነው። የአባትህን ተምር በእጁ ይዞ።»

ራካን ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የወደቀበት ነገር ከጀርባው ሰፍቶበት ነው። ሱሄር ይህን ታውቃለች፤ ማወቋ ግን አላቀለለላትም። ልጁ ቢያስገድዳትስ ምን ነበር፤ ቢያንስ የምታሳብብበት ታገኝ ነበር። እሱ ጠየቀ እንጂ አላስገደደም። ቁልፉ የእሷ ነው፣ ቆርቆሮውን የከፈተችው እሷ ናት፣ ቀኑን የጻፈችው እሷ ናት።

ከቀትር በኋላ ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ስትሄድ ታክሲ አልያዘችም። በእግር መሄድ ያዘገያል፤ የፈለገችውም መዘግየት ነበር። በሩ ላይ ያ ዘበኛ ከወንበሩ ተነሣ። ሰላም ሲላት ቀና ብሎ አላያትም፤ ጠዋት በሰው ፊት እንደተሰደበ ያስታውቃል። ቀብሩ ላይ ነበር እሱ። ከአስከሬኑ ቃሬዛ በስተግራ አንዱን ጫፍ ይዞ ሲሄድ በመስኮት አይታዋለች። «እህቴ» አላት ግራ በገባው ድምፅ፣ «እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ…» ሱሄር ሳትመልስለት ደረጃውን ወጣች።

አቡ ሙዓዝ ተነሥተው ተቀበሏት። ራሳቸውን ለዑምራው ተላጭተው ጆሯቸው ከወትሮው የተለቀ ይመስላል። ጠረጴዛቸው ላይ የተምር ካርቶን፣ ከጎኑ የዘምዘም ጀሪካን፣ ከፊት ለፊታቸው ደግሞ ደብዳቤው። የኃላፊው ፊርማ፣ ክብ ማኅተሙ፣ የተለጠፈው ቴምብር፣ ከታች በኩል ያዘጋጀው ሠራተኛ ስም፤ እሱም የሳቸው ነው። «ለሚመለከተው የጨረታ ኮሚቴ» ይላል። «ድርጅቱ እስከዚህ ቀን ድረስ ከማንኛውም የግብር ዕዳ ነፃ መሆኑን እናረጋግጣለን።»

«እንቺ፣ ፈርመሽ ተረከቢ» አሉና መዝገቡን ገፋ አደረጉላት። «ከጠዋት ጀምሮ ስንት ድርጅት ጠየቀኝ መሰለሽ፤ አንዱ ደረሰኝ ይጎድለዋል፣ አንዱ ማሳወቂያ አልሞላም። ያንቺን ከፍቶ ማየት ግን ዕረፍት ነው። ለአቡ ራካን ‹እንዲህ ያለች ልጅ ከየት አገኘህ› እለዋለሁ ሁልጊዜ። ‹ከአላህ› ነው የሚለኝ።»

ሱሄር እስክሪብቶውን አነሣች። ደብዳቤው እጇ ሥር ነው። ነገ ቀትር ላይ ፖስታው ይገባል፤ ሰዎቹ ክረምቱን ሙሉ ሥራ ያገኛሉ፤ ማታ ላይ አቡ ሙዓዝ ያለቅሳሉ፣ ይቆጣሉ፣ በመጨረሻም «የአላህ ፈቃድ ነው» ብለው ይተዉት ይሆናል። ምናልባትም ስማቸው ያለበትን ወረቀት ፈርተው አያነሡትም። ይህም ታይቷት ነበር፤ ሽማግሌው ዝም የሚሉት ለራሳቸው ፈርተው እንደሚሆን። የቆረጠላት ያን ጊዜ ነው። አንድ የሞተ ሰውን ያለፈቃዱ አስፈርማለች፤ አሁን ደግሞ በቁሙ ያለውን ልታክልበት ነው።

እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

«አቡ ሙዓዝ፣ ዘበኛው ልክ ነው።»

«ምን?»

«አቡ ራካን ሞተዋል። ባለፈው ሳምንት ተቀብረዋል። ወረቀቱ ቀድሞ የተፈረመ ባዶ ወረቀት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩበት። ጠዋት ስልክ ላይም የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የተምሩን ካርቶን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው መሬት ማስቀመጥ ነበር፤ እዚያ መሆኑ ያሳፈራቸው ይመስል። ከዚያ ደብዳቤውን ከእጇ ሥር በቀስታ ስበው ወሰዱት።

«እንዴት ሆኖ?» አሉ።

«ልባቸው ነው። የሆስፒታሉን ቦይለር እየፈቱ። አቡ ሐምዛ ደርሶ ሲያወጣቸው ነፍሳቸው አልነበረችም።»

«የት ነበርኩ እኔ ያኔ?» ለራሳቸው ነው የጠየቁት። በጣታቸው ቀን ቆጠሩ። «መካ ነበርኩ። ለጉልበቱ ዱዓ እያደረግኩ ነበር።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሱሄርም አለቀሰች፤ ግን እንባዋን የማሳየት መብት ያላት ስላልመሰላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቀና ሲሉ ድምፃቸው የመሥሪያ ቤት ድምፅ ሆኗል። «ይሄ ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ጊዜ ነው የሞተብኝ ዛሬ፤ በመሃል አንቺ አስነሥተሽው።» ደብዳቤው ላይ ሁለት መስመር አሰመሩና «ተሰርዟል» ብለው ጻፉበት። «ለኃላፊው ራሴ ነው የምነግረው። ስሜ አለበት፣ ሌላ ሰው ሊነግረው አይገባም። እሱ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔም አልለምንልሽም። አንቺ አሁን ቁጭ በይና በራስሽ ስም፣ በራስሽ ፊርማ፣ ፈራሚው ስለሞተ ጥያቄው መሰረዙን ጻፊ። እንዴት እንደተጻፈም ጻፊ። የወራሾቹ ማረጋገጫና የአዲሱ ፈራሚ ምዝገባ ሲመጣ እንደገና ትጠይቃላችሁ። ያኔ በዕለቱ እሰጣችኋለሁ፤ ፋይሉ ዕዳ የለበትም።»

ጻፈች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለግብር መሥሪያ ቤት የሚሄድ ወረቀት ግርጌ ላይ የራሷን ስም ፈረመች። ፊርማዋ አስቀያሚ ነበር፤ ልምድ የለውማ።

ሲወጡ አቡ ሙዓዝ ቀድመዋት ደረጃውን ወረዱ። ዘበኛው ፊት ቆመው ግንባሩን ሳሙት። ምን እንዳሉት አልሰማችም፤ ዘበኛው ግን የሳቸውን እጅ ይዞ ሲያለቅስ አየች።

ራካን፣ ደውላ ስትነግረው፣ መጀመሪያ ጮኸባት። «ጨረስሽን! በአንድ ቃል ጨረስሽን!» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ተቆጣ?» ብሎ ጠየቀ፣ እንደ ትንሽ ልጅ። «አለቀሰ» አለችው።

ማታ ኀዘን ቤት፣ አቡ ሙዓዝ ከወንዶቹ በኩል ከራካን ጋር ተቀምጠው ሲያለቅሱ ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማል። ኡም ራካን በመበለት የኀዘን ጊዜ፣ ዒዳ ላይ ስለሆኑ ከሴቶቹ ክፍል አይወጡም። ጀሪካኑ ግን በራካን እጅ ገብቶላቸው ከፊታቸው ተቀምጧል። ሱሄር ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ከቦርሳዋም የሐላዋውን ቆርቆሮ አውጥታ ፊታቸው ላይ አኖረችው።

«ቀድጃቸዋለሁ ብዬዎት ነበር» አለች። «አልቀደድኳቸውም። አንዱን ተጠቅሜበታለሁ። ራካን ጠየቀኝ፣ ግን ያደረግኩት እኔ ነኝ።» የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ዘበኛውንም፣ ስልኩንም፣ ዘምዘሙንም ሳታስቀር።

ኡም ራካን ክዳኑን ከፈቱ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጉልበታቸው ላይ ደረደሯቸው። ይቀድዷቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። አልቀደዱም። በእያንዳንዱ ፊርማ ላይ አውራ ጣታቸውን ያስኬዱ ነበር፤ ሰው የተኛ ልጅ ቅንድብ እንደሚዳስሰው።

«ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽበት?» አሏት።

«ከዕዳ ነፃ ነን ብዬ።»

«እሱ ነፃ ነው» አሉ ኡም ራካን። «ስንቴ ነው የተጣላሁት፤ ‹ሰው እንዴት በባዶ ወረቀት ላይ ይፈርማል› ስለው ‹ለሱሄር ነው እኮ› ይለኛል። መፈረሙ ምን አለው፣ ማንም ይፈርማል። ባዶውን ነው አንቺን አምኖ የሰጠሽ።»

ሱሄር አንገቷን ደፋች። ኡም ራካን ወረቀቶቹን አስተካክለው፣ በነጭ መሐረባቸው ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር አኖሩ። ባዶውን ቆርቆሮ ገፋ አድርገው መለሱላት።

«ከእኔ ከዕዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ዛሬ አትጠብቂ» አሏት። «መሥሪያ ቤት አይደለሁም፤ በአንድ ቀን አላወጣም።»

«አልጠብቅም።»

«አርባው ላይ ግን ድስት የሚያጥብልኝ ሰው የለም። በጠዋት ነይ።»

«እመጣለሁ» አለች ሱሄር። ቆርቆሮውን ይዛ ወጣች፤ መንገድ ላይ ክዳኑ እየተንኳኳ አስቸገራትና በመዳፏ ደግፋ ያዘችው።